የአፈር ወለልና የተሰነጠቀ ግድግዳ፦ ቁንጫንና የአሸዋ ዝንብን መኖሪያ የማሳጣት አሠራር

ጠያቂው ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። «ቤቱን መድኃኒት አስነፋሁ፣ ለጥቂት ቀን ጠፋ፣ ከዚያ ቁንጫው እንደ አዲስ መጣ። ምን ላድርግ?» ከሐዋሳ ዳር ዳር፣ ከቱላም ከዳቶም፣ የጭቃ ቤት ያለው ወይም የተከራየ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቀኛል። በየጊዜው ለየብቻ ከምመልስ አሠራሩን እዚህ በዝርዝር አስቀምጬዋለሁ።

ቁጥሮቹን የሰጠሁት ለአንድ ክፍል ነው። ቱላ አካባቢ ያለች፣ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች የጭቃ ቤት። ወለሏ አፈር ነው፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። አንድ ጥግ ላይ የጭቃ መደብ አለ። ሁለት ፍየሎች ሌሊት በሩ ሥር ያድራሉ። የእናንተ ክፍል ሰፋ ካለ በካሬ ሜትር አባዙት፤ ይቺ 12 ካሬ ናት።

መጀመሪያ ጠላትን መለየት

ዘሎ የሚነክሳችሁ ቁንጫ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ነው። እንቁላሉ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ከእንስሳው ፀጉር ላይ ተንሸራቶ ወለል ላይ ይወድቃል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ብርሃን ስለሚሸሽ ወደ ስንጥቅና ወደ አቧራ ይገባል። እዚያም ትልልቆቹ ቁንጫዎች የሚጥሉትን የደረቀ ደም እየበላ ያድጋል። ቀጥሎ ድር ፈትሎ ራሱን ይጠቀልላል፤ በዙሪያው አቧራና አሸዋ ስለሚለጠፍበት በዓይን አይለይም። መድኃኒት የማይደርስበት እዚህ ላይ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ሆኖ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጠብቃል። የእግር ንዝረት፣ ሙቀትና ትንፋሽ ሲሰማው ይወጣል። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫው እግር ላይ የሚረባረበው ለዚህ ነው።

የአሸዋ ዝንብ ሌላ ነው። ቁመቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከወባ ትንኝ ያንሳል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም አለው፣ ፀጉራም ነው፣ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ክንፎቹን ወደ ላይ ከፍቶ ይይዛል። ድምፅ የለውም። ሲበር ሩቅ አይሄድም፣ እየዘለለ ነው የሚመስለው። ቀን ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ከምሽት ጀምሮ ይነክሳል። ትሉ የሚያድገው እርጥበትና የበሰበሰ ነገር ባለበት አፈር ውስጥ ነው፤ የአይጥ ጉድጓድ፣ የእንስሳ ማደሪያ፣ የወለል ስንጥቅ።

ቤታችሁ ውስጥ የትኛው እንዳለ በሁለት ቀላል ፍተሻ ታውቃላችሁ።

ለቁንጫ ዝርግ ሰሃን ላይ ውሃ አድርጉና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። ወለል ላይ አስቀምጡትና ከበላዩ ትንሽ የባትሪ መብራት አንጠልጥሉ። ቁንጫው ወደ ብርሃኑ ሲዘል ውሃው ውስጥ ይወድቃል፤ ሳሙናው ስላለ መንሳፈፍ አይችልም። ጠዋት ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉት፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ማወዳደሪያ ይሆናችኋል።

ለአሸዋ ዝንብ ነጭ ወረቀት በጉሎ ዘይት ቀቡና ማታ ከግድግዳው ስንጥቅ አጠገብ አቁሙት። ጠዋት ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ተመራማሪዎችም የሚይዙት በዚሁ ዘዴ ነው።

የአሸዋ ዝንብ ስለሚያስተላልፈው በሽታ፣ ስለ ሌሽማኒያሲስ፣ የሚጨነቅ ብዙ ስለሆነ አጭር መልስ ልስጥ። በኢትዮጵያ ካላ አዛር፣ ማለትም የውስጥ አካልን የሚያጠቃው ዓይነት፣ በዋናነት የሚገኘው በመተማና በሁመራ ቆላ፣ በደቡብ ደግሞ በኮንሶና በኦሞ አካባቢ ነው። የቆዳው ዓይነት ደጋ ላይ ይታያል፣ አርባ ምንጭ አጠገብ ያለችው ኦቾሎ በዚህ ትታወቃለች። ሐዋሳ ውስጥ ስለተነከሳችሁ ብቻ በሽታው ይዟችኋል ማለት አይደለም። ለሳምንታት የማይድን ቁስል ወይም የማይለቅ ትኩሳት ካለ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ወደ የትኛው ቆላ እንደተጓዛችሁም ንገሯቸው።

ሙጀሌም ከዚሁ ወለል ነው የሚመጣው። እግር ውስጥ የገባችው ሴቷ እንቁላሏን ወደ ውጭ ትጥላለች፣ ትሉም የሚያድገው በደረቅ ልል አፈር ውስጥ ነው። ከታች ያለው የወለል ሥራ ለእሷም ያገለግላል። አንዱን መርፌ ለቤተሰቡ ሁሉ እያዞሩ ሙጀሌ ማውጣት ግን ይቅር፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ የመንጋጋ ቆልፍም ሊያስከትል ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዶማ፣ አካፋ፣ ካሪዮላ፣ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ
- የግንበኛ ማንካና ፍራታሶ፣ ውሃ ልክ፣ ቀጥ ያለ 2 ሜትር ጣውላ
- መጠቅጠቂያ (ከባድ ግንድ እጀታ ተመቶበት ይበቃል)
- ባዶ ማዳበሪያ ከረጢቶች፣ ወንፊት፣ ሰፊ ላስቲክ
- ቀይ የሸክላ አፈር፣ የተነፋ አሸዋ፣ በደቃቁ የተከተፈ የጤፍ ጭድ
- የተነከረ ኖራና ጨው
- ሲሚንቶ ለሚጠቀም 50 ኪሎ የሆነ 4 ከረጢት
- ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ቦት ጫማ፣ ነጭ ካልሲ

ነጩ ካልሲ ለጌጥ አይደለም። ሱሪያችሁን ካልሲው ውስጥ አስገቡ፤ ቁንጫው ሲወጣበት ወዲያው ይታያችኋል።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሐዋሳ አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋማ ነው። ብቻውን አይያያዝም፣ ቶሎ አቧራ ይሆናል። ስለዚህ ሸክላ አፈር ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ነው። ሲያመጡላችሁ ዋልካ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል።

ሥራውን ክረምት ላይ አትጀምሩ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ይሻላል፤ ያልደረቀ ወለልና ግድግዳ ራሱ የትል ቤት ይሆናል።

ደረጃ 1፦ እንስሳትንና መኝታን ማስወጣት

ፍየሎቹ፣ ዶሮዎቹና ውሻው በዚያው ቀን ከቤት ይውጡ። ሌላ ማደሪያ ሳታዘጋጁ ወለል አትንኩ፤ እንቁላሉን በየቀኑ የሚያራግፉት እነሱ ናቸው። ለውሻው የቁንጫ መድኃኒት የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ ይታጠብ። ፍራሽ፣ ሰሌንና ኬሻ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ እየተገላበጠም ይራገፍ። ፕላስቲክ ምንጣፉን አንሡና ሁለቱንም ፊቱን በሳሙና እጠቡ።

ደረጃ 2፦ የቆየውን አፈር ማንሳት

ወለሉን ሳትጠርጉ ውሃ አርከፍክፉበት። ደረቁን ከጠረጋችሁ እንቁላሉንና ትሉን ወደየስንጥቁ ትበትኑታላችሁ። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አንሱ። ግድግዳው ሥርና መደቡ አጠገብ እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውረዱ፤ እግር የማይረግጠው ቦታ እሱ ስለሆነ ትሉ የሚከማቸው እዚያ ነው። የቤቱ ቋሚ እንጨት ሥር ግን አትቆፍሩ፤ ቤቱን ያላላል።

ከመደቡ ጋር ምን ይደረግ? ቢቻል አፍርሱትና በእንጨት አልጋ ተኩት። ከላይ ሰው ይሞቀዋል፣ ከውስጥ ባዶና ስንጥቅ ነው፤ ለቁንጫ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። እናትየው «መደቤን አትንኩብኝ» ካሉ ደግሞ እንደ ግድግዳ ቆጥራችሁ ዙሪያውን በደንብ ለስኑት። ከአረጋዊ ጋር በመደብ ከመጣላት ይሻላል።

የተቆፈረውን አፈር በከረጢት እየሞላችሁ፣ አፉን እያሰራችሁ አውጡ። ጓሮ ጥላ ሥር ክምር አድርጋችሁ ከተዋችሁት ቁንጫውን ከቤት ወደ ደጅ አዛወራችሁት ማለት ነው። ፀሐይ በሚመታው ሜዳ ላይ ስስ አድርጋችሁ በትኑት። ትሉ ድርቀትና ኃይለኛ ሙቀት አይችልም። ቦታ ከሌላችሁ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት።

በቀረው ወለልና በግድግዳው ሥር ሳሙና የተጨመረበት የፈላ ውሃ አፍስሱ። ሳሙናው ቁንጫው እንዲሰጥም ያደርጋል፣ ሙቀቱ እንቁላሉን ይገላል። ሕፃናት ከአጠገቡ ይራቁ።

መድኃኒት መንፋት የፈለገ ሰው ጊዜው ይህ ነው። ለቤት ውስጥ መሆኑ መለያው ላይ የተጻፈበትን ብቻ ተጠቀሙ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ድገሙት፤ በጥቅል ውስጥ የነበረው ያን ጊዜ ወጥቶ ይገኛልና። የእርሻ መድኃኒት ቤት ውስጥ አይነፋም። ነጭ ጋዝ ወለል ላይ ማፍሰስም የተለመደ ነው፤ አንድ ክብሪት ቤቱን ይዞት ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ የግድግዳውን ስንጥቅ መሙላት

ግድግዳው ከወለሉ ይቅደም። ፍርፋሪው ወለል ላይ ስለሚወድቅ ተገላቢጦሽ ከሠራችሁ አዲሱን ወለል ታበላሻላችሁ።

ጭቃውን አስቀድማችሁ አቡኩ። 1 ባልዲ ሸክላ አፈር፣ 2 ባልዲ አሸዋና አንድ ባልዲ የማይሞላ ጭድ። በውሃ አቡክታችሁ፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ ቢያንስ ሳምንት አቆዩት። ጭዱ ሲልም ጭቃው ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም።

ስንጥቁን ከላይ ከላይ አትለጥፉት። በማንካው ጫፍ ከፍታችሁ ውስጡን ሰፋ፣ አፉን ጠበብ አድርጉ፤ ሙሌቱ ተነክሶ ይቀራል። አቧራውን በብሩሽ አውጡ። ውሃ ርጩበት። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ስለሚወስደው ሙሌቱ በማግስቱ ይላቀቃል። ከዚያ ጭቃውን በአውራ ጣት እየጫናችሁ አስገቡ። ጥልቅ ከሆነ በሁለት ጊዜ ሙሉት።

የአይጥ ጉድጓድ ካገኛችሁ ጠጠርና የተሰበረ ጠርሙስ ከጭቃ ጋር ቀላቅላችሁ ድፈኑት። ባዶ ጭቃ አይጥ በአንድ ሌሊት ይበሳዋል።

ሙሌቱ ሲደርቅ ጭድ በሌለው ቀጭን ልስን ግድግዳውን በሙሉ ሸፍኑ፦ 1 ሸክላ፣ 3 የተነፋ አሸዋ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር። በፍራታሶ አለስልሱት። አቅም ወይም ጊዜ ከሌለ ከወለል እስከ 1 ሜትር ከፍታ ያለውን አስቀድሙ። ሲደርቅ በወንፊት ያለፈ ኖራ ላይ እፍኝ ጨው ጨምራችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡት። ነጭ ግድግዳ ላይ የአሸዋ ዝንብም አዲስ ስንጥቅም ቶሎ ይታያል። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ ከገባ ብዙ ንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ አፍስሱበትና ሐኪም ጋር ሂዱ።

የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን አልመክርም። ሁለቱ አንድ ላይ አይሠሩም፤ ጭቃው ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው አይከተለውም። ከወራት በኋላ በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከጀርባው ተላቅቋል። ያ ክፍተት ከፊቱ ስንጥቅ የባሰ መደበቂያ ነው፣ አይታይምና።

ደረጃ 4፦ መሠረቱን መደልደልና መጠቅጠቅ

የተወሰደውን አፈር የሚተካ፣ ሥርና ቅጠል የሌለው ንጹህ አፈርና ጠጠር ያስፈልጋል። ለግንባታ መደልደያ የሚያገለግለውን ሰሌክት አፈር ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ለዚያች ክፍል ተጠቅጥቆ 4 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን 11 ካሪዮላ ያህል ገብቷል፤ ካሪዮላው 3 ባልዲ የሚይዝ ነው።

ሁሉንም በአንዴ አትዘርግፉ። ግማሹን አንጥፉ፣ ውሃ አርከፍክፉ፣ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ ቀሪውን። እርጥበቱን በእጅ ፈትኑት፦ አፈሩን ጨብጡት፤ ቅርጹን ከያዘና ውሃ ካልተንጠባጠበ ልክ ነው። በተረከዝ ረግጣችሁ ምልክት እስካይቀር ድረስ ጠቅጥቁ። ልል የቀረ ቦታ በኋላ ይሰምጣል፣ ላዩ ያለው ይሰነጠቃል፣ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ወለሉ ወደ በሩ ትንሽ እንዲያዘነብል አድርጉ፣ በ4 ሜትር 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ላዩን ማልበስ

እዚህ ላይ ምርጫ አለ። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ገንዘብ ካለ ሲሚንቶ፤ ተከራይ ከሆናችሁ ሸክላ።

*ሲሚንቶ።* 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ፣ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር። ለ12 ካሬ 4 ከረጢት ሲሚንቶና 8 ካሪዮላ ያህል አሸዋ ይፈጃል። ክፍሉን መሃል ለመሃል በጣውላ ለሁለት ከፍላችሁ አፍስሱ፤ ሲሰነጠቅ በዘፈቀደ ሳይሆን በመስመሩ ላይ ይሰነጠቃል፣ ያንን መድፈን ይቀላል። በጣውላ አስተካክሉ፣ በፍራታሶ አለስልሱ፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ሳይጠጣ የደረቀ ሲሚንቶ በመጥረጊያ አቧራ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት እዚህ ነው። ሲሚንቶ ለመቆጠብ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ያውም ባልተጠቀጠቀ አፈር ላይ መቀባት። ያማረ ይመስላል። ወንበር ሲጎተትበት እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል፣ ከሥሩም ቁንጫ ይራባል።

*ሸክላ።* 1 ሸክላ ለ3 የተነፋ አሸዋ፣ ውፍረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል። ለክፍሏ 4 ካሪዮላ በቂ ነው፦ አንዱ ሸክላ፣ ሦስቱ አሸዋ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን 1 ለ2፣ 1 ለ3 እና 1 ለ4 ቀላቅላችሁ የመጽሐፍ ያህል ስፋት ያለው ናሙና ደጅ ላይ ሥሩ። ሲደርቅ የተሰነጠቀው ሸክላ በዝቶበታል። በእጅ ሲታሽ አሸዋው የሚረግፈው ሸክላ አንሶታል። ሁለቱንም የማያደርገውን ምረጡ፤ የየሰፈሩ አፈር ስለሚለያይ የእኔን ቁጥር ብቻ አትመኑ።

መሠረቱን አርጥባችሁ ጭቃውን ጫን እያላችሁ ዘርጉት። እጅ ሲያስነካ ግን ሳይጣበቅ ሲቀር፣ ማለትም ከፊል ሲደርቅ፣ በማንካው ጀርባ ወይም በለስላሳ ድንጋይ እየጫናችሁ እሹት። ወለሉን ጥቅጥቅ የሚያደርገው ይህ ማሸት ነው። ሳያሹት የደረቀ ሸክላ ቀዳዳ ይበዛበታል።

ብዙ ሰው እበት ስለመለቅለቅ ይጠይቃል። ስስ ሆኖ ቶሎ የደረቀ እበት አቧራውን ይይዛል። ወፍራምና እርጥብ ሆኖ ጥግ ላይ ከቀረ ግን ለአሸዋ ዝንብ ትል ምግብ ነው። እኔ በእበት ፋንታ ቀጭን የሸክላ ጭቃ ነው የምመርጠው።

ላዩን ማጠንከር የፈለገ የተልባ ዘይት በጨርቅ ደጋግሞ መቀባት ይችላል፤ ተልባ አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ የምግብ ፓልም ዘይት ግን አይደርቅም፣ አቧራ እየያዘ ይቀራል። ውድ ስለሆነ በር አካባቢና ብዙ የሚረገጠው ላይ ብቻ ይበቃል። የተቀባበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉት፤ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይም ዘርግታችሁ አድርቁት።

ደረጃ 6፦ ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት

ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ደክሟቸው ይተዉታል። ወለሉ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከግድግዳው ጋር ቀጭን ክፍተት ይፈጠራል፤ የመጥረጊያ አቧራም ሄዶ እዚያ ይገባል። ክፍተቱን አርጥባችሁ በዚያው ቅልቅል ሙሉት። ከዚያ ጥጉን ሹል ሳታደርጉ በጠርሙስ ጎን እየጎተታችሁ ክብ አድርጉት። ክብ ጥግ መጥረጊያ ይደርስበታል። በመደቡ ዙሪያና በበሩ መድረክ ሥርም እንዲሁ።

ደረጃ 7፦ ማድረቅና መፈተሽ

ሸክላው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ፣ ቀለሙ አንድ ወጥ እስኪሆን ድረስ አትግቡበት። በርና መስኮት ከፍታችሁ ተዉት፤ በእሳት አታቻኩሉት፣ ይሰነጠቃል። ቀጭን ስንጥቅ ከታየ እርጥብ ስፖንጅና ቀጭን ጭቃ ይዛችሁ በዚያው ቀን ዝጉት። ፕላስቲክ ምንጣፉን ወዲያው መልሳችሁ አትዘርጉ። ከሥሩ እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ አቧራም ይሰበስባል። ሲደርቅ የምትዘረጉት ከሆነ በየሳምንቱ እያነሳችሁ ጥረጉ።

ከገባችሁ በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥቂት ቁንጫ ብታዩ ሥራው ከሸፈ አትበሉ። ከፍራሽና ከዕቃ ጋር የገባ ጥቅል እየተፈለፈለ ነው። መኝታውን እንደገና እጠቡ፣ የሰሃኑን ፍተሻ በየሳምንቱ ድገሙ። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት መውረድ አለበት። የአሸዋ ዝንብ ከእንቁላል እስኪያድግ ከወር በላይ ስለሚወስድበት የጉሎ ዘይቱን ወረቀት እስከ ሁለት ወር ደጋግማችሁ አቁሙ። እስከዚያ አጎበር ሥር ተኙ፤ ያልተነከረ ተራ አጎበር ግን ቀዳዳው ለዚህች ትንሽ ዝንብ ሰፊ ሊሆንባት ስለሚችል በመድኃኒት የተነከረው ይሻላል።

የሸክላ ወለል እንክብካቤ ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ቀን ጥግ ጥጉን አይታችሁ የተጫረውን በቀጭን ጭቃ ለቅልቁ፤ ከክረምቱ በፊትና በኋላ ደግሞ ሙሉውን። ሲጠረግ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይረጭ።

ከሁለት ወር በኋላም ሰሃኑ ቁንጫ ከያዘ ወለሉን እንደገና አትቆፍሩ። ምንጩ ከውጭ ነው። ፍየሎቹ ከግድግዳው ጋር ተጠግተው እያደሩ እንደሆነ፣ ጣሪያው ሥር አይጥ ጎጆ እንደሠራ፣ የጎረቤት ውሻ በራችሁ ላይ እንደሚተኛ ፈትሹ። ቱላ ያለችው ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ቁንጫ የመጣው ከፍየሎቹ ማደሪያ ነበር፤ ግርግሙን ከግድግዳው አራቁት፣ ሥሩን ጠረጉት፣ አመድ ነሰነሱበት።